የግብር ሰንጠረዥ በኤክስኤምኤል፦ የጁባ መዛግብትና የኤለመንት ስሞች

በጁባ የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተሰበሰቡት ሰነዶች ለዓመታት በድንኳን ውስጥ ተከማችተው ከቆዩ በኋላ፣ ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት በተሳተፈበት ሥራ ተለይተው ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጠዋል፤ ከእነዚህም መካከል የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር ዘመን ፋይሎች ይገኙበታል። ከዚያ ዘመን የቀረ የጎጆ ግብር ሰንጠረዥ በእጅ ተገልብጦ ከተጻፈ በኋላ ለካርታ ወይም ለስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ ኤክስኤምኤል ነው፤ ይህም እያንዳንዱን መረጃ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መካከል የሚያስቀምጥ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የጸደቀ የአጻጻፍ ደንብ ሲሆን፣ በስም ተለይቶ የታጠረው ክፍል ኤለመንት ይባላል።

ችግሩ የሚጀምረው የሰንጠረዡ የዓምድ ርዕስ እንዳለ የኤለመንት ስም ሲደረግ ነው። ለምሳሌ ያህል «1938 P.T.» የሚል ርዕስ ቢኖር (ሁለቱ ፊደላት የግብፅ ፒያስተርን ያመለክታሉ) ስም በቁጥር መጀመርም ሆነ ባዶ ቦታ መያዝ ስለማይችል፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች `_x0031_938_x0020_P.T.` የሚል ስም ይሰጡታል። ይህ ደንቡን ባይጥስም፣ ተቀባዩ ፕሮግራም 1938 ዓመት መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፤ በሚቀጥለው ገጽ 1940 ሲመጣም ያልጠበቀው አዲስ ስም ይገጥመዋል። ስለዚህ ስሙ የነገሩን ዓይነት ብቻ መናገር፣ ከገጽ ገጽ የሚለዋወጠው ደግሞ ባሕርይ በሚባለውና በመክፈቻው ምልክት ውስጥ በሚጻፈው ተጨማሪ መግለጫ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፦

```xml
<entry page="14" line="7">
  <village>Lado</village>
  <huts>62</huts>
  <tax year="1938" unit="PT">930</tax>
  <tax year="1939" unit="PT" state="illegible"/>
</entry>
```

በዚህ ለማሳያ በተዘጋጀ መዝገብ የ1939 ግብር ሊነበብ አለመቻሉ በግልጽ ስለተጻፈ፣ ዜሮ ከተከፈለበት ዓመት ጋር አይምታታም። የመንደሩ ስም በላይኛው መስመር ተጽፎ ከሥሩ የመድገሚያ ምልክት ብቻ ከነበረም፣ ፕሮግራሙ የላይኛውን መስመር ስለማያስታውስ ስሙ በየመዝገቡ ሊደገም ይገባል።

የኤለመንት ስሞችን በአማርኛ መስጠት ለሚሹ አንድ እውነተኛ እንቅፋት አለ፤ የመጀመሪያው ደንብ የግዕዝ ፊደል ገና ባልገባበት የዩኒኮድ እትም ላይ ስለተመሠረተ፣ ፊደሉ በይዘት ውስጥ እንጂ በስም ውስጥ አይፈቀድም ነበር፤ የኤክስኤምኤል 1.0 5ኛ እትም በ2008 እ.ኤ.አ. ቢፈቅድም የቀድሞውን የሚከተሉ ፕሮግራሞች ዛሬም አሉ። በዚህ ምክንያት ስሙን በላቲን፣ ይዘቱን በፈለጉት ፊደል መጻፍ አስተማማኝ ነው።

ፋይሉ በ`xmllint --noout` ሲመረመር ስህተት አለመታየቱ የሚያረጋግጠው ፋይሉ የኤክስኤምኤልን የአጻጻፍ ደንብ መከተሉን ብቻ ነው፤ 930 በስህተት 390 ተብሎ ቢገለበጥ መሣሪያው ምንም አይልም። እንዲህ ያለው ስህተት የሚገኘው የየዓመቱ ግብር በፕሮግራሙ ተደምሮ ጸሐፊው በገጹ ግርጌ ካኖረው ድምር ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ልዩነት ከታየም የገጽና የመስመር ቁጥሮቹ ወደ ምስሉ ይመራሉ። በአንድ ዓምድ የማይነበበው አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ከድምሩ ተቀንሶ ሊሰላ ይችላል፤ ሆኖም እንደ ተነበበ ቁጥር ሳይሆን `state="calculated"` ተብሎ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ የግርጌው ድምር ራሱ ስህተት ሊኖርበት ይችላልና።