የክሪኬት ኳስ በስፌቱ እንዴት ይታጠፋል?

የክሪኬት ኳስ ውስጡ ቡሽ ነው። ቡሹ ላይ ክር ይጠመጠማል፣ ከዚያ ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው የሚጋጠምበት ወገቡ ዙሪያውን በስድስት ረድፍ ይሰፋል። በወንዶች ጨዋታ ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ይደርሳል። ስፌቱ ከቆዳው ጥቂት ከፍ ብሎ የቆመ ስለሆነ ጣት ይይዘዋል፣ ነፋስ ይገፋዋል፣ መሬትም ሲመታው ያነጥረዋል። በእንግሊዝኛ ሲም የሚሉት ይህንኑ ስፌት ነው። ኳስ የሚጥለው ተጫዋች፣ ማለትም ቦውለሩ፣ ጣቶቹን በዚህ ስፌት ላይ ያሳረፈበት መንገድ ኳሱ አየር ላይ ይታጠፍ ወይም መሬት ነክቶ ይታጠፍ እንደሆነ ይወስናል።

ክሪኬትን በቅርብ ላላወቀ አንባቢ ጨዋታው በአጭሩ ይህ ነው። ቦውለሩ ከሃያ ሜትር ገደማ ርቀት ክንዱን ዘርግቶ ኳሱን ይለቃል፤ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ መሬት ነጥሮ መቺው ጋ ይደርሳል፤ መቺው ደግሞ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይጠብቃል። መቺው በጎኑ ስለሚቆም ፊቱና ደረቱ የዞሩበት ጎን ኦፍ፣ ጀርባውን የሰጠው ጎን ሌግ ይባላል። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ቦውለሮችም መቺዎችም ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ እንደሆኑ እንውሰድ። እንዲያ ከሆነ ከቦውለሩ ዓይን ሲታይ ኦፍ በግራ፣ ሌግ በቀኝ ይሆናል።

ከአየር ላይ እንጀምር። አየር ላይ መታጠፍ ስዊንግ ይባላል። ቦውለሩ አመልካች ጣቱንና መሃል ጣቱን ስፌቱን ተከትሎ ጎን ለጎን ያሳርፋል፣ አውራ ጣቱን ከታች ያደርጋል፤ ከዚያ ስፌቱን በትንሹ ወደ ግራ አዘንብሎ፣ አንጓውን ከኳሱ ጀርባ አጽንቶ ይለቃል። ጣቶቹ በመጨረሻ የኳሱን ጀርባ ወደ ታች ስለሚስቡት ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ ስፌቱም ሳይናወጥ እንደተዘነበለ ይቆያል። ነፋሱ በአንደኛው ጎን ስፌቱን ሲሻገር ይረበሻል፤ የተረበሸው አየር ደግሞ ቆዳውን አጥብቆ ይዞ ረዘም ላለ መንገድ ይከተለዋል። በሌላው ጎን ያለው ለስላሳ አየር ግን ቀድሞ ይላቀቃል። ከኳሱ ጀርባ ያለው አየር በዚህ ምክንያት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ኳሱም ወደ ተቃራኒው፣ ስፌቱ ወደሚያመለክተው አቅጣጫ፣ ይገፋል። ስለዚህ ከመቺው ወደ ኦፍ ይርቃል። ተጫዋቾች የኳሱን አንድ ጎን ሱሪያቸው ላይ ሲወለውሉ የምናያቸው የለሰለሰውን ጎን ለስላሳ አድርገው ለማቆየት ነው። በላብ መወልወል ይፈቀዳል፤ በምራቅ መወልወል ግን በ2020 በኮሮና ምክንያት ተከልክሎ በ2022 ቋሚ ክልከላ ሆኗል።

ኳሱ አርጅቶ አንዱ ጎኑ ሲሻክር ነገሩ ይገለበጣል። በከፍተኛ ፍጥነት ከተጣለ ስፌቱ ከሚያመለክተው በተቃራኒ ይታጠፋል። ይህን ጥበብ ያዳበሩት ፓኪስታናውያን ናቸው። ሳርፍራዝ ናዋዝ ለኢምራን ካን አሳየው፤ ከኢምራን ወደ ዋሲም አክራምና ዋቃር ዩኒስ ተሻገረ። ኳሱን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻከር ግን ከባድ ቅጣት አለው። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በኬፕታውን አውስትራሊያዊው ካሜሩን ባንክሮፍት ኳሱን በአሸዋ ወረቀት ሊያሽ ሲሞክር ተይዞ፣ የአውስትራሊያ ካፒቴን ስቲቭ ስሚዝና ምክትሉ ዴቪድ ዋርነር ለአንድ ዓመት ታግደዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሲም ነው። ኳሱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስፌቱ መሬት ሲነካ ብቻ ድንገት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አያያዙ ከስዊንግ ብዙም አይለይም፤ ስፌቱ ሳይዘነበል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእንግሊዙ ጄምስ አንደርሰን፣ በቴስት፣ ማለትም አገሮች በሚገጥሙበት ረጅም ጨዋታ፣ 704 ጊዜ መቺ በማስወጣት ከፈጣን ቦውለሮች ሁሉ የሚበልጠው ሰው፣ ጣቶቹን ትንሽ አራርቆ ስፌቱ በበረራ ላይ እንዲናወጥ ማድረግን ተማረ። የተናወጠው ስፌት መሬት ሲደርስ አንዳንዴ ስፌቱ፣ አንዳንዴ ቆዳው ያርፋል፤ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ቦውለሩ ራሱም አያውቅም። በእኔ ፍርድ መቺውን ከሁሉ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። ስዊንግ አየር ላይ ፍንጭ ይሰጣል። ሲም ግን የሚታጠፈው መቺው ጋ ሊደርስ የሰከንድ ሩብ ያህል ሲቀረው ስለሆነ፣ ዱላውን ለማስተካከል ጊዜ የለም።

ሦስተኛው ስፒን ነው፤ እዚህ ፍጥነት ቀርቶ መሽከርከር ይነግሣል። በዚህ አያያዝ ጣቶቹ ስፌቱን ተከትለው ሳይሆን አቋርጠውት ያርፋሉ። ኦፍ ብሬክ የሚባለውን የሚጥል ሰው አመልካችና መሃል ጣቱን አራርቆ ስፌቱን ይጨብጥና፣ በአመልካች ጣቱ እንደ እንዝርት ያሾረዋል፤ ኳሱ መሬት ነክቶ ከኦፍ ወደ ሌግ ይገባል። ሌግ ብሬክ ተቃራኒው ነው፤ ከሌግ ወደ ኦፍ ይወጣል። በዚህኛው ሁለት ጣት ከላይ ያርፋል፣ ሦስተኛው ጣት ታጥፎ ከጎን ስፌቱን ይደግፋል፣ ኃይሉ ግን የሚመጣው ከታጠፈው አንጓ መፈታትና ከሦስተኛው ጣት ነው። ለመቆጣጠር ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። አንጓው በልኩ ጊዜ ካልተፈታ ኳሱ ያለ ቦታው ይወድቃል፣ መቺውም እንደፈለገ ይመታዋል።

ሰኔ 4 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. በማንችስተር ኦልድ ትራፎርድ የሆነው ይህን ሁሉ ያሳያል። አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን እንግሊዝና አውስትራሊያ በሚገጥሙበት በአሽስ ፍልሚያ በእንግሊዝ ሜዳ የመጀመሪያውን ኳስ ለማይክ ጋቲንግ ጣለ። ጋቲንግ ስፒን በመጫወት የታወቀ ሰው ነበር። ኳሱ መጀመሪያ ወደ መሃል እንጨት የሚመጣ መሰለ። ከዚያ ገና አየር ላይ ሳለ ወደ ሌግ ማዘንበል ጀመረ፤ አጥብቆ የሚሽከረከር ኳስ በአንድ ጎኑ አየሩን ይዞ ስለሚዞር አየሩም መልሶ ይገፋዋል። ጋቲንግ በትክክል የሚመከረውን አደረገ፦ ግራ እግሩን አስቀድሞ ዱላውን ከእግሩ ጎን አስጠጋ። ኳሱ ከሌግ እንጨት ውጭ አርፎ፣ ስፌቱ መሬቱን ነክሶ፣ ዱላውንም እግሩንም አልፎ የኦፍ እንጨቱን ጫፍ መታ። ጋቲንግ ለአፍታ ምን እንደሆነ ሳይገባው ቆመ። ኳሱ እስከ ዛሬ የክፍለ ዘመኑ ኳስ እየተባለ ይጠራል፤ አውስትራሊያም ያንን ግጥሚያ በ179 ሩጫ አሸነፈች።

ልብ በሉ፤ ያ ኳስ ሁለት ጊዜ ነው የታጠፈው፤ አየር ላይ ወደ አንድ ጎን፣ መሬት ላይ ወደ ሌላው። ጋቲንግን ያሞኘው ሁለተኛው መታጠፍ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው እግሩን ወደ ሌግ ስቦ ስለነበር ለሁለተኛው በሩን ከፈተለት። ጥሩ ስፒነርን ከተራው የሚለየውም ይህ ነው፤ ተራው ኳሱን መሬት ላይ ብቻ ያጥፋል።

ዱባይ ወይም ሻርጃ የምትኖሩ አንባቢዎች የደቡብ እስያ ጎረቤቶቻችሁ ክሪኬት ሲጫወቱ ወይም በቴሌቪዥን ሲያዩ ካገኛችኋቸው፣ ኳሱ በዝግታ ተደግሞ ሲታይ ዓይናችሁን ስፌቱ ላይ ጣሉ። ስፌቱ ሳይናወጥ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ስዊንግ ጠብቁ፤ ቀጥ ካለ ወይም ከተናወጠ የመሬቱን ነጥብ ጠብቁ፤ ስፌቱ ወደ ጎን ሲሽከረከር ካያችሁ ስፒን ነው።