ስህተትን ማከፋፈል፦ ኒውራል ኔትወርክ እንዴት ይማራል?

በእጅ የተጻፈ 4 ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ አናቱን ክፍት ይተወዋል፤ ሌላው ይገጥመውና 9 ያስመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጎን ያዘምመዋል። ይህን ሁሉ የሚለይ ደንብ ልጻፍ ብሎ የተነሣ ሰው ብዙም ሳይርቅ ይቸገራል፤ ደንቡን ቢያጠብቀው የዘመመው 4 ያመልጠዋል፣ ቢያላላው 9 ሾልኮ ይገባበታል። ኒውራል ኔትወርክ እንዲህ ያለውን ደንብ ከሰው አይቀበልም። ምሳሌዎች ከነመልሳቸው ይቀርቡለታል፤ በተሳሳተ ቁጥር ውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ። መማር የሚባለውም ይኸው ማስተካከል ነው።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚለማመዱበት ኤምኒስት የተባለ የቁጥር ምስሎች ስብስብ አለ። ቁጥሮቹን በእጃቸው የጻፉት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሠራተኞችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከምስሎቹ 60,000ው ለማስተማሪያ፣ 10,000ው ለመፈተኛ ተለይተዋል። እያንዳንዱ ምስል በወርድ 28፣ በቁመት 28 ነጥቦች ስላሉት በድምሩ 784 ፒክስል ይሆናል። ኔትወርኩ ዘንድ የሚደርሰው ታዲያ 784 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ 0፣ ቀለሙ በደንብ ያረፈበት 1፣ የጭረቱ ጠርዝ ላይ የደበዘዘው ደግሞ 0.3 ወይም 0.7 ዓይነት ቁጥር።

አንድ ትንሽ ኔትወርክ እንውሰድ። በመግቢያው 784 ቁጥሮች፣ በመካከል 30 ኒውሮኖች፣ በመውጫው ከ0 እስከ 9 ላሉት ቁጥሮች አንዳንድ፣ በጠቅላላው 10 ኒውሮኖች አሉት። አንድ ኒውሮን የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። የደረሰውን እያንዳንዱን ቁጥር ክብደት በሚባል የራሱ ቁጥር ያባዛል፣ ውጤቶቹን ይደምራል፣ አንድ የማስተካከያ ቁጥር ይጨምርበታል፤ ከዚያም ድምሩን ያጎብጠዋል፤ ለምሳሌ ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። ይህች ማጉበጥ ትንሽ ትመስላለች፤ እሷ ባትኖር ግን የቱንም ያህል ንብርብር ብንደራርብ ጠቅላላ ሥራው ከአንድ ንብርብር ሥራ አይበልጥም ነበር። የዚህ ኔትወርክ ክብደቶችና ማስተካከያዎች ሲደመሩ 23,860 ይሆናሉ። ኔትወርኩ የሚያውቀው ነገር ሁሉ የሚቀመጠው በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ነው።

ሲጀመር ክብደቶቹ በዕጣ ይሞላሉ። ሁሉንም 0 አድርጎ መጀመር አይሆንም፤ በመካከል ያሉት 30 ኒውሮኖች አንድ ዓይነት ሆነው ከተነሡ የሚደርሳቸው እርማትም አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ 30ውም እንደ አንድ ኒውሮን ሆነው ይቀራሉ። በዕጣ የተሞላው ኔትወርክ ከዐሥር ምስል አንዱን ቢያገኝ ነው፤ ይህም እንዲሁ ከመገመት አይሻልም።

አሁን እርማቱን በቅርብ እንየው። ለማስላት እንዲቀልል ኒውሮኑ አንድ መግቢያና አንድ ክብደት ብቻ ይኑረው፣ ማጉበጡንም እንተወው። መግቢያው 0.5፣ ክብደቱ 0.4 ቢሆን ውጤቱ 0.2 ነው። ትክክለኛው መልስ 1 ስለነበር 0.8 ጎድሏል። ጉድለቱን በራሱ ስናባዛው ስህተቱ 0.64 ይሆናል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ክብደቱ ትንሽ ቢጨምር ስህተቱ ወዴት፣ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳል? የሚል ነው። መልሱን ካልኩለስ ይሰጠናል፦ የጉድለቱ እጥፍ ሲባዛ በመግቢያው፣ ማለትም 2 × (0.2 − 1) × 0.5 = −0.8። ይህ ቁጥር ግራዲየንት ይባላል። አሉታዊ መሆኑ ክብደቱ ሲጨምር ስህተቱ እንደሚቀንስ ይነግረናል፤ ስለዚህ ክብደቱን እንጨምራለን። ግራዲየንቱን በትንሽ የእርምጃ መጠን፣ በ0.1 ብናባዛው ክብደቱ በ0.08 አድጎ 0.48 ይሆናል። ውጤቱ 0.24 ይደርሳል፤ ስህተቱም ከ0.64 ወደ 0.5776 ይወርዳል።

እርምጃው ለምን እንዲህ አነሰ የሚል ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። በ0.1 ፈንታ 10 እናድርገው። ክብደቱ ዘሎ 8.4 ይገባል፣ ውጤቱ 4.2፣ ስህተቱ 10.24 ይሆናል። አንድ ጊዜ ብንደግመው ክብደቱ −23.6 ላይ ይወድቃል፣ ስህተቱም ከ163 ያልፋል። ግራዲየንቱ እውነቱን የሚናገረው ስለቆምንበት ቦታ አካባቢ ብቻ ነው፤ ርቆ የዘለለ ሰው ከግቡ ወዲያ ማዶ ያርፋል። በሥልጠና ላይ ስህተቱ እንደ መውረድ እየናረ ከሄደ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የእርምጃው መጠን ነው።

ከባዱ ጥያቄ በመካከል ስላሉት ኒውሮኖች ነው። ለእነሱ ትክክለኛ መልስ የነገራቸው የለም፤ መልስ የተሰጠው ለመውጫው ብቻ ነው። ታዲያ ከ4 ምስል 9 ብሎ የወጣው ስህተት ከ30ዎቹ የየትኛው ጥፋት ነው? ባክፕሮፓጌሽን የሚባለው ስሌት ጥፋቱን ከመውጫው ወደ ኋላ ያከፋፍላል። አንድ የመካከል ኒውሮን ወደ መውጫው የሚሄድበት ክብደት 3 ከሆነ፣ ከዚያ መውጫ የሚደርሰው የጥፋት ድርሻ በ3 ይባዛል፤ ክብደቱ 0 ከሆነ ከዚያ በኩል ምንም አይደርሰውም። ከዐሥሩም መውጫዎች የመጡት ድርሻዎች ይደመሩና የዚያን ኒውሮን ጥፋት ይሰጡናል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው እርማት ከላይ እንዳሰላነው ነው። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ትምህርት ጊዜ ሰጥቶ ማሰብ የሚገባው ይህንን ነው። ሐሳቡ ቀደም ብሎ የነበረ ቢሆንም በሰፊው የታወቀው ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ ካወጡት ጽሑፍ ወዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ምስል ሳይሆን በአንድ ጊዜ ለብዙ ምስሎች፣ ለምሳሌ ለመቶ ተሠርቶ የእርማቱ አማካይ ይወሰዳል። 60,000ውን በመቶ መቶ ስንከፍላቸው አንድ ዙር 600 እርማት ይሆናል፤ ዙሩም ደግሞ ደጋግሞ ይካሄዳል።

መደጋገሙ ግን አደጋ አለው። ቁጥሮቹ ብዙ ስለሆኑ ኔትወርኩ የ4ን ባሕርይ በመያዝ ፈንታ የማስተማሪያ ምስሎቹን ለየብቻ ወደ መሸምደድ ሊሄድ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ከማስተማሪያው ውጭ የተቀመጠ ምስል ነው። የማስተማሪያው ስህተት መውረዱን እየቀጠለ ባልታዩት ምስሎች ላይ ያለው ስህተት ቆሞ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥልጠና ጥቅም የለውም። በማስተማሪያ ምስል ብቻ የተለካ ውጤት ቢቀርብላችሁ አትቀበሉት።

ሌላም ወሰን አለ። የግዕዙን ፬ ጽፋችሁ ለዚህ ኔትወርክ ብትሰጡት አላውቀውም አይልም። መውጫዎቹ ዐሥር ብቻ ስለሆኑና ከእነሱ ትልቁ እንደ መልስ ስለሚወሰድ ከ0 እስከ 9 አንዱን ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም በሙሉ እርግጠኝነት። ፬ን እንዲያውቅ የሚያደርገው ምሳሌ ሰብስቦ፣ መውጫ ጨምሮ እንደገና ማሠልጠን ነው።

ወደ ኮድ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙና ክብደቱ 0.48 ላይ ካቆምንበት ቀጥሉ፤ መግቢያው ያው 0.5፣ ትክክለኛው መልስ 1፣ እርምጃው 0.1 ነው። አዲሱ ክብደት 0.556 ከወጣላችሁ ስሌቱ ገብቷችኋል።