የማሻ ምሽት 2 ሰዓት፣ የዋሽንግተን እኩለ ቀን፦ ተደጋጋሚ ቀጠሮ በመተግበሪያ ውስጥ እንዴት ይመዘገባል?

ዛሬ የማቀርብላችሁ ርእስ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። ይኸውም በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት መተግበሪያ ተደጋጋሚ ቀጠሮን ሲመዘግብ፣ የሚመዘግበው ምንድን ነው የሚል ነው።

በምሳሌ እንጀምር። ማሻ የሚገኝ አንድ የቡና አቅራቢ ማኅበርና ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ገዢ፣ ዘወትር ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በስልክ ይነጋገራሉ እንበል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 20:00 ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በ3 ሰዓት ትቀድማለችና ይህ በዩቲሲ 17:00 ይሆናል። የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ዋሽንግተን ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ወደኋላ ስለነበረች ገዢው ስልኩን የሚያነሣው ልክ በእኩለ ቀን ነው።

ብዙ ጀማሪዎች «ጊዜን ሁሉ በዩቲሲ መዝግብ» የሚለውን ምክር ይዘው 17:00ን ብቻ ያስቀምጣሉ። ምክሩ ላለፈ ድርጊት፣ ለምሳሌ ክፍያ ለተፈጸመበት ቅጽበት፣ ትክክል ነው። ለወደፊት ቀጠሮ ግን አይበቃም። አሜሪካ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት አዛወረች፤ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ለውጥ የላትም። በማግስቱ ሰኞ ያው 17:00 ለማሻ ምሽት 2 ሰዓት እንደሆነ ሲቆይ፣ ለገዢው ግን 13:00 ሆነ። ገዢው በምሳ ዕረፍቱ፣ በእኩለ ቀን፣ ብቻ የሚመቸው ከሆነ በተለመደው ሰዓት ይደውላል፤ ማሻ ያሉት ሰዎች ግን ገና አልተሰበሰቡም።

ስለዚህ መመዝገብ ያለበት ሰዎቹ የተስማሙበት ነገር ነው፦ ቀኑ፣ የአካባቢው ሰዓትና የሰዓት ቀጠናው ስም። ቀጠሮው የማሻ ከሆነ እንዲህ ይጻፋል፦

```
weekday: Monday
local_time: 20:00
zone: Africa/Addis_Ababa
```

ቀጠሮው የገዢው ከሆነ ደግሞ 12:00 እና `America/New_York` ይመዘገባል፤ ያን ጊዜ ከየካቲት 30 ጀምሮ የሚለወጠው የማሻ ሰዓት ነው፤ ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ወገን መዛወሩ አይቀርም፤ የትኛው እንደሆነ መወሰን ያለበት ቀጠሮውን የያዘው ሰው እንጂ ፕሮግራም አዘጋጁ አይደለም። የዩቲሲው ቅጽበት ከዚህ መዝገብ ለእያንዳንዱ ሳምንት ይሰላል።

ከስም ይልቅ «+3» የሚል ቁጥር ማስቀመጥም አይበቃም፤ መንግሥታት ቁጥሩን ይለውጣሉና። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ+3 ወደ +2 ተዛውራለች። ለጁባ ጠዋት 3 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ በ+3 ተሰልቶ ተቀምጦ ከነበረ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ 2 ሰዓት ላይ ይደውላል። `Africa/Juba` የሚለውን ስም የያዘ መተግበሪያ ግን በሰርቨሩና በስልኩ ያለው የቀጠናዎች የመረጃ ቋት እስከታደሰ ድረስ ራሱን ያስተካክላል።

አሁን ወደ ራሳችን አቆጣጠር እንምጣ። ከንጋት የሚጀምረው የኢትዮጵያ ሰዓት የሰዓት ቀጠና አይደለም፤ አንዱን ቅጽበት በሌላ ቁጥር የማንበቢያ መንገድ ነው። ከፀሐይ መውጣት ጋርም በደቂቃ አይታሰርም፤ ማሻ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ ፀሐይ በ13 ደቂቃ ገደማ ትዘገይባታለች፤ ሰዓቷ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ልወጣው የሚደረገው በስክሪኑ ላይ ሲታይ ብቻ ነው፦

```
eth_hour = (hour + 5) % 12 + 1
```

20 ሲገባ 2 ይወጣል። አንድ ፕሮግራም አዘጋጅ በዚህ ፈንታ ከ20:00 ላይ 6 ሰዓት ቀንሶ 14:00ን ቢያስቀምጥ፣ ስክሪኑ በ12 ሰዓት አጻጻፍ 2:00 ስለሚል ትክክል ይመስላል፤ የገዢው ስልክ ግን በክረምታቸው ከንጋቱ 06:00 ላይ ይጮኻል። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ሲጻፍም «2 ሰዓት» ብቻውን ጠዋትም ማታም ሊሆን ይችላል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰኞ ምሽት የሚቀጥለውን ሌሊት ማለቱ ነው፤ በመዝገብ ግን ማክሰኞ 02:00 ነው። መተግበሪያው ከማጽደቁ በፊት «ማክሰኞ 02:00፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ሁለቱንም አሳይቶ ይጠይቅ።

ሥራችሁን ስትፈትሹ በዛሬው ቀን ብቻ አትሞክሩ። የየካቲት 23ን፣ የየካቲት 30ንና አሜሪካ ሰዓቷን ከምትመልስበት ማግስት ያለውን ሰኞ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2019 ዓ.ም.ን፣ አስገቡ። በሦስቱም ቀኖች የቀጠሮው ባለቤት ሰዓት ካልተነቃነቀ መዝገቡ ትክክል ነው።