«ኦዲተሩ የት ነበር?»

በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ማጭበርበር ሲሰማ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ኦዲተሩ የት ነበር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። ኦዲተሩ ሰነዱን የሚያየው ገንዘቡ ከወጣ፣ አንዳንዴም ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በወቅቱ በሩን ክፍት የተወው ማን ነው የሚለው መቅደም አለበት።

አሜሪካዊው የወንጀል ጥናት ምሁር ዶናልድ ክሬሲ በእምነት የተሰጣቸውን ገንዘብ አጉድለው የታሰሩ ሰዎችን በየማረሚያ ቤቱ እየዞረ አነጋግሮ ነበር። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1953 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ወደ ገንዘቡ የሰደዱት ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙባቸው መሆኑን አስረዳ። የመጀመሪያው ለማንም ሊነግሩት የሚያፍሩበት የገንዘብ ችግር ነው። ሁለተኛው ሳይታወቅብኝ ልወጣው እችላለሁ የሚያሰኝ ምቹ አጋጣሚ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ራስን ከሌባ ጎራ የሚያስወጣ ማመካኛ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ይህንን የማጭበርበር ሦስት ማዕዘን ብለው ሰየሙት።

ሦስቱ በግዥ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት አንድ ምናባዊ ድርጅት እንውሰድ። በድርጅቱ መመሪያ ከ100,000 ብር በታች የሆነ ዕቃ በሦስት ፕሮፎርማ ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጨረታ ወጥቶ ኮሚቴ ይወስናል። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ሥራ ከለቀቀ ወራት አልፈዋል፤ ምትክ ስላልተቀጠረ የግዥ ሠራተኛው ዕቃውንም ይረከባል፣ የገቢ ደረሰኙንም ይቆርጣል። ይህ ሠራተኛ በቤተሰብ ሕመም ምክንያት ዕዳ ውስጥ ገብቷል፤ ለባልደረቦቹ ግን ትንፍሽ አላለም። በዚያ ላይ የደመወዝ ጭማሪ ተነፍጓል፤ «የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ የአንድ ሰው ደመወዝ ይከፈለኛል» ይላል።

በአምስት ሳምንት ውስጥ የፕሪንተር ቀለም አራት ጊዜ ተገዛ። በእያንዳንዱ ግዥ 10 ቀለም በ9,800 ብር ሒሳብ ስለተገዛ ክፍያው 98,000 ብር ነበር፤ ከገደቡ በጥቂት ዝቅ ያለ። ድምሩ 392,000 ብር ስለሆነ አንድ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ ጨረታ ሊወጣለት ይገባ ነበር። አንድን ግዥ እንዲህ ከፋፍሎ ከገደብ በታች ማድረግ ከታወቁት ጠቋሚ ምልክቶች አንዱ ነው።

ፕሮፎርማዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሌላም ይናገራሉ። አሸናፊው ሁልጊዜ አንድ ነጋዴ ነው። የተሸናፊዎቹ ዋጋ በየጊዜው 10,290 እና 10,780 ብር ነው፤ ይኸውም ከአሸናፊው ልክ 5 እና 10 በመቶ የሚበልጥ። እውነተኛ ተወዳዳሪዎች ዋጋቸውን የሚያወጡት ከየራሳቸው ወጪ ተነሥተው ስለሆነ ልዩነታቸው እንዲህ የተስተካከለ አይሆንም። ሁለቱ ተሸናፊዎች አንድ ስልክ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ በሦስቱም ወረቀት ላይ አንድ ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። ወረቀቶቹ ከአንድ እጅ የወጡ መሆናቸውን መጠርጠር ግድ ይላል።

የመጨረሻው ፍተሻ ከወረቀት ወጥቶ መጋዘን መግባት ነው። በገቢ ደረሰኞቹ (በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚባለው) መሠረት 40 ቀለም ገብቷል። በወጪ ደረሰኞቹ፣ ማለትም በሞዴል 22፣ 22 ወጥቷል። ስለዚህ 18 መገኘት ነበረበት፤ መደርደሪያው ላይ የተቆጠረው ግን 8 ነው። በዚያው ወቅት ያው ቀለም ገበያ ላይ 7,000 ብር ይሸጥ ነበር እንበል። የጎደለው 10 ቀለም ጭራሽ ያልገባ ከሆነ፣ ድርጅቱ 210,000 ብር ለሚያወጣ 30 ቀለም 392,000 ብር ከፍሏል፤ 182,000 ብር ከስሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጠቋሚ ምልክት ማስረጃ አይደለም። ዋጋ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ገበያ፣ ወይም በጀት በትንሽ በትንሹ በሚለቀቅበት ቤት፣ ግዥ ያለ ተንኮልም ሊከፋፈል ይችላል። ስለዚህ አንዱን ምልክት ይዞ ሰው መወንጀል አይገባም፤ ምልክቶቹ ሲደራረቡ ግን ማብራሪያ መጠየቅና የተሰጠውን ማብራሪያ ከሌላ ምንጭ ማረጋገጥ ግዴታ ይሆናል። ለምሳሌ ተሸናፊ የተባሉትን ነጋዴዎች በፕሮፎርማው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ሱቃቸው ድረስ ሄዶ «ይህን ዋጋ ሰጥታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ኃላፊነቱ እንምጣ። ከሦስቱ ማዕዘኖች የሠራተኛው ዕዳም ሆነ ማመካኛው በልቡ ያለ ነው፤ ድርጅቱ በቀጥታ የሚቆጣጠረው አጋጣሚውን ብቻ ነው። የግምጃ ቤቱን ቦታ ክፍት የተወው፣ የሚገዛውና የሚረከበው አንድ ሰው እንዲሆን የፈቀደው፣ አራቱንም ክፍያዎች ፈርሞ ያሳለፈው የሥራ አመራሩ ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 240ም ማጭበርበርን የመከላከልና የማወቅ ቀዳሚ ኃላፊነት የአመራሩና የቦርዱ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል።

የውጭ ኦዲተሩ ኃላፊነት ሌላ ነው። የሒሳብ መግለጫው በማጭበርበርም ሆነ በስህተት ምክንያት ጉልህ መዛባት እንደሌለበት ምክንያታዊ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። «ጉልህ» የሚለው ወሳኝ ነው። የድርጅታችን ዓመታዊ ወጪ 200 ሚሊዮን ብር ቢሆንና ኦዲተሩ የጉልህነት ልኩን 2 ሚሊዮን ላይ ቢያስቀምጥ፣ የ182,000 ብሩ ጉድለት ሳይታይ ሊያልፍና ሪፖርቱ ያለ ነቀፌታ ሊወጣ ይችላል። ያ ሪፖርት «ምንም አልተሰረቀም» የሚል ምስክር ወረቀት አይደለም።

ይህ ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝ የኪንግስተን የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የክምችቱን መጠን ለዓመታት አጋንኖ አቅርቦ፣ ኦዲተሮቹም ቃሉን አምነው በመቀበላቸው ተከሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ነፃ ሲያወጣቸው፣ ዳኛ ሎፕስ ኦዲተርን እንደ ጠባቂ ውሻ እንጂ ወንጀለኛን በሽታ ተከትሎ እንደሚያድን ውሻ ማየት እንደማይገባ ተናገሩ።

የዛሬ ኦዲተር ግን በዚያ ፍርድ ሊከለል አይችልም። የዛሬው ደረጃ በሥራው ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንዲያይ ያዘዋል፤ አመራሩ ራሱ ቁጥጥሩን ጥሶ የማለፍ አደጋ በሁሉም ድርጅት አለ ብሎ እንዲነሣም ያስገድደዋል። የማጭበርበር ምልክት ካገኘ፣ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው የአመራር እርከን ማሳወቅ አለበት፤ አመራሩ ራሱ ከተጠረጠረ ደግሞ ለቦርዱ። በሌላ በኩል ሰዎች ተመሳጥረው የፈጠሩት ሐሰተኛ ሰነድ ጥሩ ኦዲተርንም ሊያታልል ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዋና ኦዲተሩ ሥራ ሰፋ ይላል፤ ከሒሳቡ ሌላ የግዥ ሕጉ መከበሩንም ይመረምራል። ያም ሆኖ የግዥውን ቁጥጥር ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ትከሻ አያወርድም።

ስለዚህ ገንዘብ ጎደለ ሲባል ለሥራ አስኪያጁ፦ «የገዛው፣ የተረከበውና ክፍያውን ያጸደቀው ስንት ሰው ነው?» ለኦዲተሩ ደግሞ፦ «ምልክቱን ስታይ ምን አደረግህ?» እንበል። የመጀመሪያው መልስ «አንድ ሰው ነው» ከሆነ፣ ዋናው ጥፋት ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት ተፈጽሟል።