አንድ ዓምድ፣ ሦስት ስሌት

የወሩ የሶሻል ሚዲያ ሪፖርት በብዙ ቢሮዎች የሰው እጅ ሳይነካው ይወጣል። ወር በገባ ቁጥር አንድ ስክሪፕት የሊንክድኢንን፣ የኢንስታግራምንና የቲክቶክን ቁጥሮች በኤፒአይ ለቅሞ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ሰንጠረዡ ጠዋት ደንበኛው ኢሜይል ውስጥ ይገኛል። ከዓምዶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው «ኢንጌጅመንት ሬት» የሚለው ነው። ልጥፉ ስንት ጊዜ ታይቶ ስንት ጊዜ ምላሽ እንዳገኘ በመቶኛ ስለሚናገር ማንም ሰው ያነበዋል። ችግሩ፣ ዓምዱ አንድ ይሁን እንጂ ረድፎቹ በተለያየ ስሌት የመጡ ናቸው።

ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ያንኑ አጭር ቪዲዮ በሦስቱም ቦታ ለጠፈ እንበል። ሊንክድኢን ላይ 4,000 ኢምፕሬሽን፣ 60 ላይክ፣ 8 ኮሜንት፣ 12 ሼር እና 220 ክሊክ አገኘ። የሊንክድኢን ኤፒአይ `engagement` የሚል የተሰላ ቁጥር አብሮ ይልካል፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ይህን ሲያይ ደስ ብሎት እንዳለ ይገለብጠዋል። ሊንክድኢን ግን ክሊክንም ይደምራል፤ ክሊክ ሲል ደግሞ ልጥፉን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን ስምና አርማ መንካትንም ይጨምራል። ስለዚህ 300 ለ4,000 ተካፍሎ 7.5 በመቶ ይወጣል።

ኢንስታግራም ላይ ቪዲዮው 4,000 ጊዜ ታየ፤ ያዩት አካውንቶች፣ ማለትም ሪች የሚባለው፣ 2,500 ናቸው። 110 ላይክ፣ 10 ኮሜንት፣ 20 ሼር እና 40 ሴቭ አለው። ኢንስታግራም ላይ ለሪች ማካፈል የተለመደ ነው፤ ሴቭም ይደመራል። 180 ለ2,500፣ 7.2 በመቶ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ 10,000 ቪው፣ 420 ላይክ፣ 25 ኮሜንት፣ 55 ሼር፤ 500 ለ10,000፣ 5 በመቶ። ደንበኛው ሰንጠረዡን አይቶ «ቲክቶኩን እንተወው፣ ሊንክድኢን ላይ እንበርታ» ቢል አይፈረድበትም።

መፍትሔው መድረኮቹ ያሰሉትን መቶኛ አለመቀበል ነው። የሚወሰደው ጥሬ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ማካፈሉ በራስ ቤት ይሠራል። ለዚያ ሁለት ነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት፦ የሚደመረው ምንድን ነው? የሚካፈለውስ ለምን? ለመደመሩ ሦስቱም መድረኮች የሚሰጡትን ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ላይክ፣ ኮሜንትና ሼር። ክሊክና ሴቭ አይጣሉም፤ የየራሳቸው ዓምድ ይሰጣቸዋል። ለማካፈሉ ደግሞ ሪች ሰዎችን ሲቆጥር ቪውና ኢምፕሬሽን ጊዜን ይቆጥራሉ። አንድ ሰው ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ቢያየው ሪቹ አንድ፣ ቪው ግን ሦስት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ሊቀላቀሉ አይገባም። እኔ «ጊዜ»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ተራ ነው፣ ከሁሉም ቦታ ማግኘት ይቻላል።

በዚህ ስሌት ቲክቶክ 5 በመቶ ላይ ይቆያል። ኢንስታግራም 140 ለ4,000 ሆኖ 3.5፣ ሊንክድኢን 80 ለ4,000 ሆኖ 2 በመቶ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ከቪዲዮው ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም።

ስክሪፕቱ ውስጥ የሚገባው ነገር አጭር ነው፦

```python
def rate(r):
    parts = [r.get("likes"), r.get("comments"), r.get("shares")]
    if None in parts or not r.get("views"):
        return None
    return sum(parts) / r["views"]
```

ከአምስቱ መስመሮች ይበልጥ ዋጋ ያለው `None` የሚለው ነው። ዩቲዩብን እንውሰድ። የቪዲዮው ባለቤት የላይክ ቁጥሩን ከደበቀ ዩቲዩብ ዳታ ኤፒአይ `likeCount` የሚለውን ጨርሶ አይልከውም። ሼርንም ይኸው ኤፒአይ አይሰጥም፤ እሱ የሚገኘው ለቻናሉ ባለቤት ብቻ በሚከፈተው የአናሊቲክስ ኤፒአይ ነው። ብዙ ሰው ስክሪፕቱ እንዳይቆም ብሎ በጎደለው ቦታ ዜሮ ይተካል። ያኔ «አላወቅንም» የነበረው «ማንም አልወደደውም» ሆኖ ደንበኛው ጋ ይደርሳል። ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታይ፤ ደንበኛው ቢጠይቅ መልስ አለው። ዩቲዩብ ላይክ ሳይኖረው ኮሜንት በድንገት በዝቶ ከታየ ወይም አንድ ዓምድ ወሩን ሙሉ ዜሮ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት ኮዱ ነው።

ሌላው ስህተት የሚደበቀው የወሩ ድምር ውስጥ ነው። አንድ ልጥፍ 100 ጊዜ ታይቶ 20 ምላሽ ቢያገኝ 20 በመቶ ነው። ሌላው 9,900 ጊዜ ታይቶ 198 ቢያገኝ 2 በመቶ ነው። የሁለቱን መቶኛ አማካይ የሚወስድ ስክሪፕት ወሩን በ11 በመቶ ይዘጋል። ምላሾቹን ሁሉ ደምሮ ለዕይታዎቹ ድምር የሚያካፍለው ግን 218 ለ10,000፣ ማለትም 2.18 በመቶ ያገኛል። የመጀመሪያው ጥቂት የቤተሰብና የሠራተኛ ላይክ ወሩን እንዲያነሳው ይፈቅዳል። ኤክሴል ላይ `AVERAGE` መጻፍ ስለሚቀል ይህን ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ደጋግሜ አየዋለሁ።

የጊዜውም ነገር አለ። ኤፒአዮቹ ለአንድ ልጥፍ የሚሰጡት ቁጥር እስከዚያች ደቂቃ የተጠራቀመውን ነው። ወሩ ሲያልቅ የተለጠፈው ሁለት ቀን፣ በመጀመሪያው ቀን የተለጠፈው አራት ሳምንት ሞላው። ለዚህ የሚበጀው እያንዳንዱ ልጥፍ ሰባት ቀን ሲሞላው ቁጥሩን አንድ ጊዜ ወስዶ ማስቀመጥና ሪፖርቱን ከዚያ መሥራት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ የማይስተካከል ነገር ይቀራል፤ «ታየ» ማለት በየቦታው እኩል አይደለም። ቲክቶክ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ አንድ ብሎ ይቆጥራል። ሊንክድኢን ደግሞ የልጥፉ ቢያንስ ግማሽ ስክሪኑ ላይ ለ300 ሚሊሰከንድ ከታየ ኢምፕሬሽን ይለዋል፤ ቪዲዮው ተጫውቶ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። ስለዚህ 5 በመቶው ከ2 በመቶው ይበልጣል ብሎ መድረክን ከመድረክ ማወዳደር በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። አስተማማኙ ንጽጽር የአንዱን መድረክ ያለፈ ወር ከዚህኛው ወር ጋር ማስተያየት ነው።

እሱም ቢሆን መድረኩ ሕጉን እስካልለወጠ ድረስ። ዩቲዩብ ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 31፣ 2025) ጀምሮ አጫጭር ቪዲዮዎቹ መጫወት በጀመሩ ወይም በተደገሙ ቁጥር ቪው ይቆጥራል፤ ዝቅተኛ የማየት ጊዜ የለም። የድሮው አቆጣጠር `engagedViews` በሚል ስም ለብቻው ቀረ። ቪው ሲያብጥ ሬቱ ወረደ፤ ይህን ያላወቀ የሪፖርት አዘጋጅ የቻናሉ ተመልካች ደነዘዘ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከሰንጠረዡ ጎን «ቀመሩ ቁጥር 2፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል አንድ መስመር ቢኖር፣ እንዲሁም የተሰላው መቶኛ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ቁጥሩ ተቀምጦ ቢሆን፣ ያለፉትን ወራት በአዲሱ ቀመር ዳግም ማስላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቴሌግራምን መተው አይቻልም። እዚያ ዕይታው ከልጥፉ ሥር በዓይን ምልክት ይታያል፤ ቦት ኤፒአይ ግን ይህን ቁጥር አይሰጥም፣ ስክሪፕቱ እንደ ተጠቃሚ አካውንት መግባት አለበት። ላይክ የለም፣ ሪአክሽን አለ፤ ፕሪሚየም የከፈለ ሰው ደግሞ በአንድ ልጥፍ ላይ እስከ ሦስት ሪአክሽን ማድረግ ይችላል። ኮሜንት የሚኖረው ቻናሉ ከውይይት ግሩፕ ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ሪአክሽን በላይክ፣ ፎርዋርድ በሼር ቦታ ይገባሉ፤ ግሩፕ የሌለው ቻናል ሬቱ ባዶ ይሆናል።