ከዜሮ በታች የማይወርድ ወጪ እና የቶቢት ሞዴል

ቤተሰቦች በአንድ ዓመት ውስጥ መኪና፣ ማቀዝቀዣ ወይም የቤት ዕቃ ለመግዛት ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጡ ሲጠየቁ የብዙዎቹ መልስ ዜሮ ነው። የተቀሩት ያወጡት ገንዘብ ከትንሽ እስከ ብዙ ይለያያል። ከዜሮ በታች ያወጣ ግን ሊኖር አይችልም። እንዲህ ያለው መረጃ በግራፍ ላይ ሲሰፍር አንድ ጫፍ ላይ፣ ዜሮው ላይ፣ ትልቅ ክምር ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጥብ ደግሞ በሰፊው ይበተናል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጄምስ ቶቢን በ1958 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጥናት የተነሳው ከዚህ ችግር ነበር። የእርሱም ምሳሌ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ ዕቃዎች ግዢ ነበር። የቀመረው ስሌት በኋላ በስሙ ቶቢት ተባለ።

ችግሩ የሚጀምረው ወጪን ከገቢ ጋር ለማያያዝ የተለመደው ሪግሬሽን፣ ማለትም በነጥቦቹ መካከል አንድ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምረው ስሌት፣ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ዜሮ ላይ ስለተከማቹ፣ ገቢያቸው ከዚህም ቢቀንስ ወጪያቸው ሊቀንስ አይችልም። መስመሩ በዚያ በኩል እንደ ወለል ጠፍጣፋ የሆነውን ክፍል ከላይ ከሚወጣው ክፍል ጋር በአንድ ላይ ሊወክል ሲሞክር ዝንባሌው ይለዝባል። ከዚህም በላይ ለአንዳንድ ድሃ ቤተሰቦች ወጪያቸው ከዜሮ በታች ነው የሚል ትንበያ ይሰጣል።

ዜሮ ያወጡትን ከመረጃው አስወጥቶ የገዙትን ብቻ ማጥናት መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ብዙ ተመራማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች መካከል በመረጃው ውስጥ የሚቀሩት በሆነ ልዩ ምክንያት የመግዛት ፍላጎታቸው የበረታው ብቻ ናቸው። ከከፍተኛ ገቢዎቹ ግን ፍላጎቱ የበረታውም የደከመውም ይቀራል። ስለዚህ ድሆቹ ከእውነተኛ አማካያቸው በላይ የሚያወጡ መስለው ይታያሉ፤ መስመሩም እንደገና ይለዝባል።

ቶቢን የወሰደው መንገድ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከታየው ወጪ በስተጀርባ የማይታይ የፍላጎት መጠን አለ ብሎ ያስባል። ይህ መጠን ከገቢና ከመሳሰሉት ነገሮች ጋር በቀጥተኛ መስመር ይያያዛል፤ በዚያ ላይ መረጃው የማይዛቸው ልዩ ልዩ ምክንያቶች ይጨመሩበታል። እነዚህም በኖርማል ስርጭት፣ ማለትም በደወል ቅርጽ፣ እንደሚበተኑ ይታሰባል። የፍላጎቱ መጠን ከዜሮ በላይ ከሆነ የሚታየው ወጪ ራሱ ነው፤ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የሚታየው ዜሮ ነው።

ስሌቱ ታዲያ ለሁለቱ ዓይነት ቤተሰቦች የተለያየ ጥያቄ ያቀርባል። ለምሳሌ 3,000 ብር ያወጣ ቤተሰብ ካለ፣ የገቢው ሁኔታ ይህ ሆኖ ልክ ይህንን መጠን የማውጣቱ ዕድል ምን ያህል ነው ይላል። ምንም ላላወጣው ደግሞ የፍላጎቱ መጠን ከዜሮ በታች የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው ይላል። ከዚያም ሁሉንም መልሶች አንድ ላይ ይበልጥ አሳማኝ የሚያደርጉትን ኮኤፊሸንቶች ይፈልጋል። ዜሮዎቹ አልተጣሉም፤ ግን እንደ ተራ ቁጥርም አልተቆጠሩም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ የታወቀ መረጃ ላይ ማየት ይቻላል። ቶማስ ሙሮዝ በ1987 ባሳተመው ጥናት የ753 ያገቡ አሜሪካውያን ሴቶችን የ1975 የሥራ ሰዓት መርምሯል። 428ቱ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተዋል፤ 325ቱ ሰዓታቸው ዜሮ ነው። የሥራ ሰዓትም እንደ ወጪ ከዜሮ በታች አይወርድም። በኢኮኖሜትሪክስ መማሪያ መጻሕፍት ይህ መረጃ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የባልን ገቢ ጨምሮ ከሴቲቱ ሥራ ውጪ የሚገኘውን የቤተሰብ ገቢ፣ ዕድሜን፣ የሥራ ልምድንና የልጆችን ቁጥር ጨምሮ ሲሰላ፣ ተራው ሪግሬሽን አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የዓመቱን ሰዓት በ29 ገደማ ይጨምራል ይላል። የቶቢት ኮኤፊሸንት 81 ገደማ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቶቢት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሰጣል ማለት ግን ስህተት ነው። 81ዱ የማይታየው ፍላጎት የሚጨምርበት ነው፤ ከዜሮ በጣም በታች የነበረች ሴት ፍላጎቷ በ81 ቢያድግም የምትሠራው ሰዓት ዜሮ ሆኖ ይቀራል። በሚታየው ሰዓት ላይ ያለውን ለውጥ ለማግኘት ኮኤፊሸንቱ ከዜሮ በላይ የመሆን ዕድል ጋር ይባዛል። ይህ ዕድል ለእያንዳንዷ ሴት ተሰልቶ አማካዩ ሲወሰድ 0.59 ገደማ ይሆናል፤ 81 በዚህ ሲባዛ 48 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ከተራው ሪግሬሽን ጋር መወዳደር ያለበት ይህ ነው።

ይህ ማባዛት አስፈላጊ መሆኑ የሚወሰነው ዜሮው ምን ማለት እንደሆነ በማወቅ ነው። የገቢ መጠይቅ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ያለውን ሁሉ «ከዚህ በላይ» ብሎ ሲመዘግብ እውነተኛው ገቢ አለ፤ የጠፋው ከመዝገቡ ነው። ያኔ ኮኤፊሸንቱ ራሱ የሚፈለገው መልስ ነው። ምንም ያልገዛ ቤተሰብ ዜሮ ግን ከመዝገብ የጠፋ ነገር አይደለም፤ ቤተሰቡ በእርግጥ ምንም አላወጣም። «የተደበቀው» ወጪ ለስሌት የተፈጠረ አጋዥ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሰው የሚጨነቀው በትክክል ስለሚወጣው ገንዘብ ነው።

ሞዴሉ አንድ ከባድ ግምት ይዟል። መግዛት አለመግዛትን የሚወስነውና መጠኑን የሚወስነው አንድ ኃይል ነው ይላል። ሊንና ሽሚት በ1984 ይህ የማይሆንበትን ጥሩ ምሳሌ አቅርበዋል። አሮጌ ሕንፃ እሳት የመነሳት ዕድሉ ከአዲሱ ይበልጣል፤ ሲቃጠል ግን ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ኪሳራው ያንሳል። የሕንፃው ዕድሜ አንዱን ሲጨምር ሌላውን ይቀንሳል፤ ቶቢት ግን ለዕድሜ የሚሰጠው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ግምቱ መጣሱን የሚጠቁም ቀላል ፍተሻ አለ። የቶቢት ኮኤፊሸንቶች ለስርጭቱ ስፋት ሲካፈሉ፣ ሠራች ወይስ አልሠራችም የሚለውን ብቻ ከሚያጠናው የፕሮቢት ስሌት ውጤት ጋር መቀራረብ አለባቸው። በሙሮዝ መረጃ ስፋቱ 1,122 ነው። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቶቢት ‑0.80፣ ፕሮቢት ‑0.87 ይሰጣሉ፤ ይህ ይቀራረባል። ለትምህርት ግን 0.07 እና 0.13 ናቸው። ትምህርት ወደ ሥራ በመግባት ላይ ያለው ጉልበት በሰዓቱ ብዛት ላይ ካለው የሚበልጥ ይመስላል።

እንዲህ ሲሆን ጆን ክራግ በ1971 ያቀረበው ባለ ሁለት ክፍል ስሌት ይሻላል፤ መጀመሪያ መግዛት አለመግዛትን፣ ቀጥሎ የገዙትን መጠን ለየብቻ ያጠናል። የደወል ቅርጹ ግምት ሲጣስ ወይም ስርጭቱ ከቤተሰብ ቤተሰብ ሲለያይ ደግሞ የቶቢት ኮኤፊሸንቶች ራሳቸው ይዛባሉ፤ በተራው ሪግሬሽን ላይ የስርጭት መለያየት ይህን ያህል ጉዳት አያመጣም። ጄምስ ፓወል በ1984 ያቀረበው መንገድ ከአማካይ ይልቅ መካከለኛውን ቁጥር፣ ሚዲያንን፣ ይከተላል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወጪ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ሚዲያኑ ዜሮ ላይ በተከማቹት ስለማይነካ የደወሉን ቅርጽ መገመት አያስፈልገውም።