«እንኳን አደረሰዎ» የሚባልበት ቀን

በንግድ ኢሜይል ውስጥ ሰላምታ ከጉዳዩ ይቀድማል። ተቀባዩ ዋጋውንና የጭነቱን ቀን ከማየቱ በፊት፣ ላኪው ምን ያህል እንደሚያውቀው የሚገምተው ከዚያች የመጀመሪያ መስመር ነው። የበዓል ምኞት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ስለ ጭነት የተጻፈ መልእክት ስሕተት ቢኖረው በማግስቱ እርማት ይላካል፤ በሐዘን ቀን «መልካም በዓል» ብሎ የጻፈ ሰው ግን እርማቱን ከየት ይጀምረዋል?

ከአዲስ አበባ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ አንድ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙት መካከል ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ጃፓን ስላሉ፣ ለሦስቱም አገሮች ደንበኞች ይጽፋል እንበል። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ የሽያጭ ሠራተኛው «መልካም ገና፣ መልካም አዲስ ዓመት» የሚል አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይልካል። ሐሳቡ ቅን ነው። ሦስቱ ተቀባዮች ግን የሚያነቡት ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ምኞቱን በደስታ ይቀበላል፤ ቀኑም ልማዱም ገጥሞለታል። እሱን ቅር የሚያሰኘው ምናልባት በስሙ ብቻ መጠራቱ ነው። በጀርመን መደበኛ የሥራ ደብዳቤ የሚጀምረው «የተከበሩ አቶ» ወይም «የተከበሩ ወይዘሮ» እንደ ማለት ባለ ቃልና በቤተሰብ ስም ነው፤ ዶክተር ከሆነ ማዕረጉም አይቀርም። በስም መጠራራት የሚጀመረው አንዱ ወገን ሲፈቅድ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ጀርመኖች የልደት ቀን ምኞትን ከቀኑ አስቀድሞ መናገር መጥፎ ዕድል ያመጣል ይላሉ። የደንበኛው ልደት እሑድ ስለሚውል ዓርብ ላይ ተሽቀዳድሞ መላክ ከመርሳት ይብሳል፤ ሰኞ መላክ ግን ምንም ችግር የለውም።

የጃፓኑ ነገር ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። እዚያ ገና የሥራ መዝጊያ በዓል አይደለም፤ ትልቁ በዓል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 የሚውለው አዲስ ዓመት ነው። የጃፓን የሥራ ኢሜይል በድርጅቱ ስም፣ በክፍሉና በተቀባዩ ስም ይጀምርና «ኢትሱሞ ኦሴዋ ኒ ናቴ ኦሪማስ» ይላል፤ «ሁልጊዜም ባለውለታችን ናችሁ» እንደ ማለት ነው። ይህች መስመር ሳትኖር በቀጥታ ወደ ዋጋ የገባ መልእክት ችኩል ይመስላል። የአዲስ ዓመቱ ምኞት ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ዓመቱ ሳያልቅ የሚባለው «ዮይ ኦቶሺ ኦ» ሲሆን፣ «መልካም ዓመት ይሁንልዎ» ማለት ነው። «አኬማሺቴ ኦሜዴቶ ጎዛይማስ» ግን «ዓመቱ ጠብቶ እንኳን ደስ አለዎ» ማለት ስለሆነ ጃንዋሪ 1 ሳይደርስ አይነገርም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። «እንኳን አደረሰዎ» ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው፤ ቀኑ የደረሰለት ሰው ለሌላ የደረሰለት ሰው የሚናገረው ነው። ከሳምንት በፊት የሚሰናበት ሰው «በሰላም ያድርሰን» ይላል እንጂ «አደረሰዎ» አይልም። ሁለቱም ቋንቋዎች ያልደረሰን ቀን እንደ ደረሰ አይቆጥሩም፤ የእንግሊዝኛው ምኞት ግን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚገለበጥ ሰላምታ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ጃፓን ውስጥ ሌላም የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አለ። በዓመቱ ውስጥ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ፣ ዓመቱ ከማለቁ በፊት «በሐዘን ላይ ስለሆንን የአዲስ ዓመት ሰላምታ አንልክም» የሚል ፖስት ካርድ ለወዳጆቹ ይልካል። ካርዱ የደረሰው ሰው የደስታ ካርድ አይልክም። የበዓሉ ቀናት ካለፉ በኋላ «በዚህ ብርድ ጤናዎ እንዴት ነው» የሚል የክረምት መጠየቂያ ይጽፋል። በድርጅትና በድርጅት መካከል የሚደረገው መደበኛ ሰላምታ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም፤ ሐዘኑ መኖሩን እያወቀ ለግለሰቡ በስሙ የደስታ ምኞት የላከ ግን ክፉኛ ያስቀይማል።

የሳዑዲው ደንበኛ የገናውን መልእክት በትሕትና ሊያልፈው ይችላል፤ ወይም ሃይማኖቱን ያላገናዘበ ሆኖ ያገኘዋል። ያም ሆነ ይህ ለእሱ እንዳልተጻፈ ያውቃል። እሱን የሚያስደስተው በ«አሰላሙ ዐለይኩም» የሚጀምር፣ ስለ ጤናው ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የማይገባ፣ በዒድ ሰሞን ደግሞ «ዒድ ሙባረክ» የሚል መልእክት ነው። ዒድ የሚታወቀው በጨረቃ ስለሆነ፣ በረመዳን 29ኛው ቀን ምሽት እስኪነገር ድረስ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ አይቆረጥም። በ2025 የዒድ አልፈጥር በዓል በሳዑዲ ማርች 30 ሲከበር በኦማን በማግስቱ ነበር። ከሳምንት በፊት በኮምፒውተር ቀጠሮ የተያዘለት የዒድ መልእክት ተቀባዩ ገና በጾም ላይ እያለ ሊደርስ ይችላል። ማስታወቂያው እስኪሰማ ጠብቆ በእጅ መላክ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን በሐዘን ወይም በጸሎት ቀን የሚላክ የደስታ ቃል ነው። በአሜሪካ በሜይ የመጨረሻ ሰኞ የሚውለው «ሜሞሪያል ደይ» በጦርነት የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡበት ነው። ልጃቸውን በጦር ሜዳ ያጡ ወላጆች «መልካም ሜሞሪያል ደይ» ሲባሉ ያማቸዋል። በእስራኤል በዮም ኪፑር «መልካም በዓል» አይባልም፤ «ፍርድህ በመልካም ይታተምልህ» የሚል ትርጉም ያለው «ግማር ሐቲማ ቶቫ» ይባላል። ዓሹራ ለሱኒው ሙስሊም የጾም ቀን ሲሆን፣ ለሺዓው የነቢዩ የልጅ ልጅ ሑሴን የተገደሉበት የልቅሶ ቀን ነው። ኢትዮጵያዊ አማኝም ቢሆን በስቅለት ዕለት ሲሰግድ ውሎ ቢሮው ሲመለስ «መልካም የስቅለት በዓል» የሚል ኢሜይል ቢጠብቀው ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል።

ስሕተቱ ወደ ኢትዮጵያ በሚመጡ መልእክቶች ላይም አይጠፋም። የኢትዮጵያ ገና ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 የሚውል ሆኖ ሳለ፣ ምኞቱ በዲሴምበር 25 ይደርሳል። የአዲስ ዓመት ምኞቱ በጃንዋሪ ይመጣል፤ ዘመን የሚለወጥበት መስከረም 1 ግን በዝምታ ያልፋል። ወይዘሮ አልማዝ በቀለ የምትባል ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «ውድ ሚስስ በቀለ» ተብላ ትጠራለች፤ በቀለ አባቷ ናቸው። አክብሮት ታስቦበት የተጻፈው መስመር በአባቷ ስም ይጠራታል። «ወይዘሮ አልማዝ» ቢባል በቂ ነበር።

የሽያጭ ሠራተኛው እንዳሳሳተ በቀላሉ አያውቅም፤ ቅሬታ የሚጽፍ ደንበኛ ጥቂት ነው። ምልክቱ መልሱ ውስጥ ይገኛል። ሰላምታው ጠፍቶ ጉዳዩ ብቻ ይመለሳል፤ ወይም ምኞቱ ሳይነሣ ይታለፋል። ይህን ያስተዋለ ሠራተኛ የሚቀጥለውን ዓመት ዝርዝር በሦስት ይከፍለዋል። ለጀርመኑ በዲሴምበር አጋማሽ፣ የቤተሰብ ስሙን ጠርቶ፣ የገናንና የአዲስ ዓመትን ምኞት አንድ ላይ ይጽፍለታል። ለሳዑዲው በገና ሰሞን ስለ ጭነቱ ብቻ ይጽፍና የዒዱን ምኞት ለቀኑ ያቆየዋል። ለጃፓኑ ቢሮዎች ከመዘጋታቸው በፊት ስለ ዓመቱ ትብብር ያመሰግንና፣ ሥራ ሲጀመር በሁለት መስመር «እንኳን አደረሰዎ» ይለዋል። የበዓሉ ጠባይ በውል በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ ያንኑ ደንበኛ «በዚህ ሰሞን በቢሮአችሁ ሥራ የሚዘጋው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደንበኛው ሲመልስ ራሱ የቀኑን ስምና ትርጉም ይነግረዋል።